ገንዘቡ ለደላላ ወይስ ለበግ?

«አሰላሙ ዓለይኩም። የምኖረው ከኮምቦልቻ ወጣ ብሎ በቃሉ ወረዳ ገጠር ነው። የሁለት ልጆች እናት ነኝ። ጤፍ፣ ማሽላና ማሾ እናመርታለን። ዘንድሮ ማሾውን ሸጠን 30,000 ብር እጃችን ላይ አለ። ማሽላው ከተወቃ በኋላ ግን እስከ ሰኔ ሥራ የለንም፤ ሐምሌና ነሐሴ ደግሞ ጎተራው ባዶ ነው። ባለቤቴ ብሩን ለደላላ ሰጥቶ በጅቡቲ በኩል ሳዑዲ ልግባ ብሎ ተነስቷል። የጎረቤታችን ልጅ በዚያው መንገድ ሄዶ ዓመት ሙሉ ድምፁ አልተሰማም፤ እኔ እንቅልፍ አጥቻለሁ። በግ እናደልብ ስለው ‹አምና አላየሽም?› ይለኛል። እውነቱን ነው። አምና ሁለት ገዝተን አንዱን ቶሎ ይወፍር ብዬ የማሽላ ዱቄት በብዛት ባበላው በማግሥቱ ሆዱ ተነፍቶ ሞተ። ሁለተኛውን የፋሲካ ዋዜማ አውጥተን ገዢ አጣን፤ ከበዓሉ በኋላ በገዛንበት ዋጋ ሸጥነው። አሁን በገበያችን ከሲታ ጠቦት 5,500፣ ለበዓል የደለበ 9,500 ብር ይሸጣል። ፉርሽካ በኪሎ 25፣ ፋጉሎ 45 ብር ነው። ምን ትመክሩኛላችሁ?»

ጭንቅ የያዛት እናት፣ ከቃሉ

ወዓለይኩም ሰላም እህቴ።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ባለቤትሽ ልሂድ ያለው የሚያስጨንቀው ዕዳ ስላለበት ነው? ወይስ ከታኅሣሥ እስከ ሰኔ እጁን አጣጥፎ መቀመጡ ከብዶት? ሁለቱ የተለያየ መልስ ይፈልጋሉ። ዕዳ ካለ መጠኑንና የሚከፈልበትን ቀን ሁለታችሁም ማወቅ አለባችሁ። ሥራ ማጣቱ ከሆነ ግን አንቺን የሚያስጨንቅሽ እሱንም ያስጨንቀዋልና «አትሂድ» ብቻ ማለት አይበቃም፤ ቦታው ላይ የሚያስቀምጠው ነገር ይፈልጋል። ከጅቡቲው ኦቦክ ዳርቻ በጀልባ ተነስቶ፣ ጦርነት ባደቀቃት የመን አቋርጦ ሳዑዲ የሚገባው መንገድ ምን እንደሆነ ከእኔ ይልቅ የጎረቤታችሁ ዝምታ ነግሯችኋል፤ እዚያ ላይ አልጨምርም።

አምና የደረሰባችሁን ግን ላስረዳሽ፤ ባለቤትሽን ያስፈራው እሱ ነውና። በጉ የሞተው በግ ማድለብ ስለማያዋጣችሁ አይደለም። የበግ ከርስ ውስጥ ጭዱንና ገለባውን የሚያብላሉ በዓይን የማይታዩ ተሕዋስያን አሉ። ጭድ የለመደ በግ በአንድ ቀን ብዙ ዱቄት ሲበላ ዱቄቱ ከርሱ ውስጥ በፍጥነት ይቦካና አሲድ ይሆናል። በጉ መብላት ያቆማል፣ ጥርሱን ያፋጫል፣ ሆዱ ይነፋል፣ ኮምጣጣ የሚሸት ተቅማጥ ይከተለዋል፤ ብዙ ጊዜም በአንድ ወይም በሁለት ቀን ይሞታል። መኖውን ቀስ በቀስ ብታስለምጂው ኖሮ ያው በግ ይደልብ ነበር። የሁለተኛው በግ ጥፋት ደግሞ የቀን ቆጠራ ነው። ሁለቱም የሚታረሙ ናቸው።

ስለዚህ ሐሳቤን በግ ላይ አደርጋለሁ። እንጀራ ጋግሮ ከተማ መሸጥም፣ ኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ መቀጠርም ለአንዳንዱ ቤት ይሆናል። አንቺ ግን ጭድ፣ አገዳና የማሾ ገለባ ደጅሽ ላይ ተከምሮልሻል፤ ሌላው በገንዘብ የሚገዛው መኖ ግማሹ ያንቺው ነው። ፉርሽካ ከዱቄት ፋብሪካዎቹ ቅርብሽ ነው። ወሎ ውስጥ ደግሞ ሁለት ዓይነት በዓል አለሽ፤ የክርስቲያኑም የሙስሊሙም በግ ይፈልጋል።

ቀኑን ከበዓሉ ወደ ኋላ ነው የምትቆጥሪው። በ2018 ዓ.ም. ፋሲካ ሚያዝያ 4 ይውላል፤ አረፋ ደግሞ እንደ ጨረቃዋ ግንቦት 19 አካባቢ ነው። በጭድና በጥቂት ተጨማሪ መኖ የአካባቢያችን በግ በደንብ እንዲለወጥ 90 ቀን ያህል ይፈልጋል። ከፋሲካ 90 ቀን ወደ ኋላ ብትቆጥሪ ጥር መጀመሪያ ላይ ትደርሻለሽ። ገና ታኅሣሥ 29 አልፎ ገበያው የሚቀዘቅዝበትና ያልተሸጠውን ሁሉ ባለቤቱ ወደ ቤቱ ላለመመለስ ዋጋ የሚቀንስበት ሳምንት ነው። ከአረፋ ወደ ኋላ ስትቆጥሪ ደግሞ የካቲት 19 አካባቢ ላይ ትወድቂያለሽ። በዚያን ጊዜ ዐቢይ ጾም ከገባ አሥር ቀን ይሆነዋል፤ ክርስቲያኑ ሥጋ ስለማይገዛ የበግ ገበያው ይሳሳል። ለመጪዎቹ ዓመታት አረፋ በየዓመቱ 11 ቀን ያህል እየቀደመ እንደሚመጣ አስቢ።

በአንድ ጊዜ አራት በግ እንድትገዢ አልመክርሽም። ሁለቱን ጥር መጀመሪያ ላይ ለፋሲካ፣ ሁለቱን የካቲት አጋማሽ አልፎ ለአረፋ ግዢ። የመጀመሪያዎቹ አንድ ወር ተኩል ሲቆዩ እጅሽ ይለምዳል። ነገሩ ካልተሳካም ግማሹ ብር ገና ኪስሽ ውስጥ ነው። ባለቤትሽን ለማሳመንም ይህ የተሻለ ይመስለኛል፤ ሙሉ ገንዘቡን በአንድ ቀን ስጠኝ አላልሽውም።

ግዢውን ለእሱ ስጪው፤ ግን አብራችሁ ሂዱ። የምትፈልጉት ክሳቱ ከመኖ ማነስ የመጣ፣ አጥንቱ ረጅምና ደረቱ ሰፊ የሆነ፣ ዕድሜው አንድ ዓመት ገደማ የደረሰ ተባዕት ነው። አፉን ከፍታችሁ ጥርሱን እዩ። የወተት ጥርሶቹ ሁሉ ካሉ ገና ዓመት አልሞላውም ወይም ገና ሞላው፤ መካከል ላይ ሁለት ትልልቅ ጥርስ ካወጣ ዓመት አልፎታል። ሁለቱም ይሆናሉ። ለአረፋ የሚገዛ ሰው ዕውር፣ አንካሳ፣ በሽተኛ ወይም አጥንቱ ብቻ የቀረ በግ ለኡድሒያ አይወስድም፤ ለዚያ በዓል የምታደልቢውን ስትገዢ እግሩንና ዓይኑን አጥብቀሽ እዪ።

ከዚያ የታችኛውን የዓይን ቆብ በአውራ ጣትሽ ዝቅ አድርገሽ ውስጡን ተመልከቺ። ቀይ ወይም ሮዝ ከሆነ ደህና ነው፤ እንደ ወረቀት ከነጣ ትል ደሙን ጨርሶታል። ከአገጩ ሥር ያበጠ ለስላሳ ነገር ካለ፣ ጭራው በተቅማጥ ከተለወሰ፣ ንፍጡ ከወፈረ ወይም ከመንጋው ተለይቶ አንገቱን ከደፋ፣ በነጻ ቢሰጡሽም አትውሰጂው። ከደሴ ዙሪያና ከኩታበር ደጋ የሚወርደው ባለ ረጅም ጠጉር በግ ያምራል፤ ግን ወደ እናንተ ሙቀት ሲወርድ አየሩን እስኪለምድ ይከሳል። ሰኞ ባቲ ገበያ ብትሄዱም በጉ ብዙ መንገድ ተጉዞ፣ ከብዙ መንጋ ጋር ተቀላቅሎ ነው የሚመጣው። ከቀበሌያችሁ ወይም ከጎረቤት ቀበሌ፣ ባለቤቱን ከምታውቁት ሰው ብትገዙ እመርጣለሁ።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ላይ ነው አብዛኛው ኪሳራ የሚደርሰው። አዲሶቹን ከቤት በጎችሽ ለይተሽ እሰሪያቸው። በመጡ በሁለት በሦስት ቀን ውስጥ ወደ ቀበሌው የእንስሳት ጤና ኬላ ውሰዷቸው፤ የትል መድኃኒት እንዲጠጡና ለደስታ መሰል በሽታ፣ ለበግ ፈንጣጣና ለሳምባ ምች ያለውን ክትባት እንዲወስዱ ጠይቁ። ክትባት በዚያው ቀን አይሠራም፤ አካሉ መከላከያውን እስኪያበጅ ሁለት ሳምንት ያህል ይፈልጋል፤ ለይተሽ የምታስሪያቸውም ለዚህ ነው። በጎቹ ቦርከና ዳር ረግረግ ላይ ይግጡ የነበሩ ከሆነ ይህንን ለባለሙያው መንገር አትርሺ። የጉበት ትል ያለው እዚያ ነው፤ ለሌላው ትል የሚሰጠው መድኃኒት ሁሉ ለጉበት ትል አይበቃም። ለሦስት ወር ብቻ ለምትይዢው በግ ማኮላሸት አያስፈልግሽም። ቁስሉ እስኪድን የሚባክኑትን ሳምንታት የምትመልሺበት ጊዜ የለሽም፤ ያልተኮላሸ ወጣት በግም ክብደት የሚጨምረው ፈጥኖ ነው።

አሁን ወደ መኖው እንምጣ። ሁለት እጅ ፉርሽካና አንድ እጅ ፋጉሎ በክብደት ቀላቅዪ፤ በመቶ ኪሎው አንድ ኪሎ ያህል ጨው ጨምሪበት። ከድብልቁ 100 ግራም በባለሱቁ ሚዛን አስመዝነሽ ቤትሽ ባለ ጣሳ ውስጥ ጨምሪውና የደረሰበትን በምስማር ጭረሽ ምልክት አድርጊ። ለአንድ በግ በቀን በዚያች ምልክት ጀምሪ፤ በየሦስት ቀኑ ግማሽ ምልክት እየጨመርሽ በ15 ቀን ገደማ 350 ግራም ትደርሻለሽ። እዚያ ላይ ቁሚ። ጧትና ማታ ከፍለሽ ስጪ፤ በመጀመሪያ ግን ጥቂት ገለባ ይቅመሱ። የማሾውን ገለባ ከጤፍ ጭዱ አስቀድሚላቸው፤ የበለጠ ገንቢ ነው። ጭድና የአገዳ ቅጠል ቀኑን ሙሉ ፊታቸው ይኑር። ፋጉሎው ሻግቶ ወይም ሽታው ተቀይሮ ከሆነ መልሺው፤ ሻጋታው ጉበት ይመርዛል።

ማሽላ ዱቄት ፈጽሞ አትስጪ አልልሽም። ግን ዘንድሮ አያስፈልግሽም፤ ማሽላው ለሐምሌ ይቀመጥ። አንድ ቀን ጣሳው ቢሳሳትና በግ ሆዱ በግራ በኩል ሲወጠር ካየሽ ድብልቁን ወዲያው አቁሚ፤ ጭድና ውኃ ብቻ ስጪው፤ እስኪነጋ ሳትጠብቂ ባለሙያ ጥሪ።

ፉርሽካ ብቻውን ለተባዕት በግ አንድ ጣጣ አለው፤ ብዙ ሰው የማያውቀው። ውስጡ ፎስፎረስ ይበዛበታል፤ ውኃ ካነሰ ደግሞ በሽንት መንገዱ ላይ ጠጠር ይሠራል። በጉ ለመሽናት ደጋግሞ ያምጣል፣ ጠብ ጠብ ይላል ወይም ጭራሽ አይወጣለትም፣ በእግሩም ሆዱን ይመታል። ይህን ካየሽ በዚያው ቀን ካልታከመ ፊኛው ሊፈነዳ ይችላል። የማሾ ገለባ አብረሽ መስጠትሽ፣ ጨውና ንጹሕ ውኃ ሁሌም መኖሩ ይህን ይከላከላል። ጨው የበላ በግ ይጠማል፣ የጠማው ይጠጣል፣ የጠጣውም ይሸናል። ውኃ የሚቀዳው ማን እንደሆነ ከአሁኑ ተነጋገሩ፤ ደረቅ መኖ የሚበላ በግ በጋ ላይ በቀን ሦስት አራት ሊትር ሊጠጣ ይችላል፤ ይህ ሁሉ ባንቺ ጀርባ ላይ መውደቅ የለበትም።

መወፈራቸውን በዓይን አትመኚ፤ በየቀኑ የሚታይ ነገር አይለይም። አንድ ሲባጎ ውሰጂና ከፊት እግሮቹ ጀርባ ደረቱን ዙሪያውን ለክተሽ ልኩ ላይ ቋጠሮ አድርጊ። በየ15 ቀኑ በዚያው ሲባጎ መልሰሽ ለኪ፤ ደረቱ ሲሰፋ አዲሱ ልክ ከቋጠሮው እያለፈ ይሄዳል። በወር ውስጥ ካልተንቀሳቀሰ ወይ ትል አለበት፣ ወይ ጓደኛው መኖውን ይቀማዋል፣ ወይ የታመመ ነገር አለ። ወገቡንም ዳብሺው። ስትገዢው አከርካሪው እንደ ቢላ ጠርዝ ይቆረቁርሻል፤ ሲደልብ ግን ጫን ካላልሽ አጥንቱን አታገኚውም። በደህና አያያዝ በ90 ቀን ስድስት ሰባት ኪሎ ከጨመረ ጥሩ ነው። ከዚያ በላይ የሚነግርሽን ሰው አትስሚ።

አሁን ባንቺው ዋጋ እናስላው። አንድ በግ በቀን 350 ግራም ለ90 ቀን ቢበላ 31 ኪሎ ተኩል ነው፤ 21 ኪሎ ፉርሽካ 525 ብር፣ 10 ኪሎ ተኩል ፋጉሎ 472 ብር፣ በድምሩ 1,000 ብር ገደማ። ለመድኃኒት፣ ለጨው፣ ለቀረጥና ለመጓጓዣ 300 ያዢ። 5,500ው ሲጨመር በጉ 6,800 ብር ይፈጅብሻል። 9,500 ከተሸጠ 2,700 ይቀርልሻል፤ አራቱ ሲሳካ 10,800። ሳዑዲ ሠርቶ የሚላክ ገንዘብ አይደለም፤ ባለቤትሽም ይህን ሊነግርሽ ይችላል፤ እውነት አለው። ግን ለሐምሌና ነሐሴ እህል ማሟያ ነው፤ ዋናው 30,000ም አብሮሽ አለ።

ሌላውን ጎንም እይው። ከአራቱ አንዱ ቢሞት የሚቀረው ትርፍ ከ1,300 ብር ብዙ አይበልጥም። ሁለት ቢሞቱ ከዋናው ይነካል። ለዚህ ነው ክትባቱና መለየቱ ላይ እንዲህ የዘገየሁት። ለዚህም ነው ለዘንድሮ ብድር እንዳትወስጂ የምልሽ፤ ወለድ የሌለበትም ቢሆን የሚከፈልበት ቀን አለው።

ሽያጩን ለዋዜማ አታቆዩት። የፋሲካዎቹን ከበዓሉ ሳምንት ቀደም ብላችሁ አውጧቸው። ያን ጊዜ ነጋዴውም ከተሜውም ገበያ ላይ ነው፤ የመጀመሪያው ቀን ዋጋ ካልጣማችሁ የምትመለሱበት ሌላ ገበያ አለ። ዋዜማ ላይ ግን ከየአቅጣጫው በግ ይጎርፋል፤ እስከ ማታ ያልተሸጠ በግ ያለው ሰው የተሰጠውን ይቀበላል፤ አምና የሆናችሁትም ይኸው ነው። የአረፋው ትንሽ ይለያል፤ እርዱ ከበዓሉ ቀጥለው ባሉት ቀናትም ስለሚቀጥል አንድ ቀን ቢያልፍም ገዢ አይጠፋም። ደሴ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ናት፤ ባለቤትሽ አንድ ቀን ቀደም ብሎ ባዶ እጁን ሄዶ የደሴን ዋጋ ይጠይቅ። ልዩነቱ የመጓጓዣውን ካልሸፈነ ኮምቦልቻ ሽጡ። የፋሲካው ገንዘብ ሲገባ ዋናውን ከትርፉ ለዩ፤ ትርፉን በዚያው ሰሞን እህል ብትገዙበት ይሻላል፤ ክረምት ሲገባ እህሉ ይወደዳል።

ባለቤትሽን እንዴት እንደምታናግሪው አንቺ ታውቂያለሽ። ልጆቹ ከተኙ በኋላ፣ ቡናው አቦል ላይ ሳለ፣ አምና ሁለቱ በጎች ለምን እንደከሰሩ ንገሪው፤ የበጉን ነገር ያስተወው ለዚህ መልስ ማጣቱ ይመስለኛል። «አትሄድም» ከማለት «እስከ አረፋ ቆይና መጀመሪያ በግማሹ ብር እንሞክረው» ብትይው የሚቀበለው ይመስለኛል። ግንቦት መጨረሻ ላይ ውጤቱን አይታችሁ እንደገና ትነጋገራላችሁ። ለደላላው ቀድሞ ቃል ወይም ቀብድ ሰጥቶ እንደሆነም በዚያው ጠይቂው፤ ሰጥቶ ከሆነ መቆጣት ሳያስፈልግ የሰፈር ሽማግሌ ይዛችሁ ለማስመለስ ሞክሩ። ይህ ሁሉ ሆኖ እምቢ ካለሽ ደግሞ፣ ብሩ የሁለታችሁ ላብ ነውና 15,000ው ለልጆቹ ቤት እንዲቀር በሽማግሌ ፊት ጠይቂ። በዚያ ሁለቱን በግ ታደልቢያለሽ፤ ከገና ማግሥት ገበያ ስትወጪም ጥርስና ዓይን ማየት የሚችል ወንድም ወይም አጎት ይዘሽ ውጪ።